ሁለት «15» ያሉበት ግሩፕ፦ ከ27 ስክሪንሾት አንድ ገጽ እንዴት ወጣ

ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ነው። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው የምጽፈው፤ ስማቸውን ትቼዋለሁ።

እናት ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። የቤታቸው ጣሪያ አርጅቷል። ባለፈው ክረምት ሳሎኑ ውስጥ ባልዲ ተደቅኖ ነው የከረመው። ልጆቹ አምስት ናቸው። ታላቅ ወንድምና ታላቅ እህት አዲስ አበባ፣ አንዱ ወንድም ሜሪላንድ፣ አንዷ እህት ዱባይ፣ የመጨረሻው ልጅ ደግሞ ከእናቱ ጋር። አራቱ በቴሌግራም ግሩፕ ይነጋገራሉ። የመጨረሻው ግን ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው፤ ቴሌግራም የለውም። አናጺ የሚያናግረው፣ እንጨት የሚያወርደው፣ ቆሞ የሚያሠራው ግን እሱ ነው።

ከሐሙስ ሚያዝያ 30 እስከ ሰኞ ግንቦት 4፣ 2017 ድረስ አራቱ ስለ ጣሪያው ሲጻጻፉ ሰነበቱ። ሰኞ ማታ የመጨረሻው ልጅ ደውሎ «ታዲያ ምን ተባባላችሁ?» አለ። ታላቅ እህቱ ልትነግረው ስትጀምር እሷም እርግጠኛ እንዳልሆነች ገባት። ስክሪንሾቶቹን ላከችልኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ለዓመታት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁና ሥራው አዲስ አልሆነብኝም። የፈለገችው ለወንድሟ በስልክ የሚነበብ አንድ ገጽ ነበር። ምን ተወሰነ፣ ማን ምን ይሠራል፣ እስከ መቼ።

መጀመሪያ የጠየቅኳት ምስሎቹን እንደገና እንድትልክልኝ ነው። ቴሌግራም ላይ ምስል እንደ ፎቶ ሲላክ የፋይሉ ስም ይጠፋል። `File` ተብሎ ሲላክ ግን ስሙ እንዳለ ይመጣል። የእሷ ስልክ ስክሪንሾቱን እንዲህ ብሎ ነው የሚሰይመው፦ `Screenshot_20250512_211407_Telegram.jpg`። ይህ ማለት ምስሉ የተነሳው እ.ኤ.አ. ሜይ 12፣ 2025፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ14 ላይ ነው። መልእክቱ የተጻፈበት ሰዓት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ምስሉ የተነሳበት ነው። ሁለቱን መለየት በኋላ ጠቀመኝ።

ምስሎቹን በስማቸው ቅደም ተከተል ስደረድራቸው ወሬው ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። እህትየው ከመጨረሻው መልእክት ጀምራ ወደ ላይ እየሳበች ነው ያነሳችው። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ገለበጥኳቸውና ከታችኛው ጀምሬ ቁጥር ሰጠኋቸው።

ቀጥሎ መጋጠሚያውን አየሁ። ደህና የተነሳ ተከታታይ ስክሪንሾት የአንዱ ምስል የመጨረሻ መልእክት በሚቀጥለው ምስል አናት ላይ ይደገማል። የሚደገም ነገር ከሌለ መሀል ላይ የጎደለ አለ ማለት ነው። በ11ኛውና በ12ኛው መካከል ምንም የሚደገም አልነበረም። በዚያ ላይ 12ኛው ምስል ላይ ታላቅ ወንድም ሪፕላይ ያደረገበት መልእክት ቁራጩ ብቻ ይታያል፤ ሙሉው በየትኛውም ምስል ላይ የለም። እህትየው ስትስብ አልፋዋለች። ሜሪላንድ ያለው ወንድም ቅዳሜ ዕለት ለራሱ ያነሳቸው 8 ምስሎች ነበሩት። እነሱን ጨምሬ 27 ሆኑ፤ ክፍተቱም ተሞላ።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር ተምታታ። አንደኛው ስም ነው። ቴሌግራም የሰውን ስም የሚያሳየው የስልኩ ባለቤት በመዘገበው መልክ ነው። በእህትየው ስልክ «ጋሼ» የሚባለው ሰው በሜሪላንዱ ስልክ ሌላ ስም አለው። ሳያውቅ የሚያነብ አምስተኛ ሰው ግሩፑ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ወረቀት ላይ አራት መስመር ሠርቼ ማን በየትኛው ስልክ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። አንዱ መልእክት በእህትየው ስክሪን 8:42 PM፣ በወንድምየው 1:42 PM ይላል። በግንቦት ወር በአዲስ አበባና በሜሪላንድ መካከል 7 ሰዓት አለ፤ እነሱ ጋ ክረምት ሲሆን ደግሞ 8 ይሆናል። ልዩነቱ ሰዓት ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ወንድምየው ዓርብ ማታ ከመተኛቱ በፊት «ነገ እማዬን አናግሬ አሳምናታለሁ» ብሎ ጽፏል። ጣሪያው ሲነሳ እናት ጎረቤት እንዲያድሩ ነው። በእህትየው ስልክ ይህ መልእክት ቅዳሜ ጠዋት 6:10 AM ላይ ነው ያለው። የእሷን ስክሪን ብቻ የሚያይ ሰው «ነገ»ን እሑድ ብሎ ይጽፋል። ለጸሐፊው ግን ቅዳሜ ነው። እኔ «ነገ»፣ «ዛሬ ማታ»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚሉትን ሁሉ የምተረጉመው ጸሐፊው ያለበትን አገር ቀን ይዤ ነው። ሁሉንም ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ከቀየርኩ በኋላ ከጎናቸው ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም እጽፋለሁ።

ከዚያ ማንበብ ነው። መልእክቶቹን ሁሉ አልገለበጥኩም። ሰላምታውን፣ የልጆች ፎቶውን፣ የፋሲካን ወሬ አልፌ፣ ሐሳብ የቀረበበትን፣ የተቀበሉበትን ወይም የተቃወሙበትን፣ ገንዘብና ቀን የተጠራበትን ብቻ ከነምስል ቁጥሩ ጻፍኩ። የምስል ቁጥሩ ወሳኝ ነው። ነገ አንዱ «እኔ እንደዚህ አላልኩም» ቢል ምስል 14ን አውጥቶ ማሳየት ይቻላል።

ውሳኔ የምለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ሐሳቡ በግልጽ መቅረብ አለበት። የሚመለከተው ሰው መቀበል አለበት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም ያላፈረሰው መሆን አለበት። ሦስተኛው ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው። ታላቅ ወንድም ሐሙስ ዕለት «ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ይቀየር» ብሏል፤ ሦስቱም ተስማምተዋል። ላይ ላዩን ለሚያነብ ሰው ያለቀ ነገር ነው። እሑድ ዕለት ግን እህትየው ከእናት የመጣ የ48 ሰከንድ ቮይስ ግሩፑ ላይ ለቀቀች። ከዚያ በታች ዱባይ ያለችው «እማዬ እንዳለችው ይሁን» ትላለች፤ ሜሪላንድ ያለው የእጅ ምልክት ያደርጋል፤ ታላቅ ወንድም «እንግዲያው በ13 ይጀመራል» ይላል።

እናት ምን አሉ? ስክሪንሾት ላይ የሚታየው የድምፁ መስመርና 0:48 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው። የጠቅላላው ውይይት መታጠፊያ ምስሉ ውስጥ የለም። እንዲህ ሲሆን ከመልሱ ተነስቶ መገመት አይገባም። እህትየው ቮይሱን እየሰማች እንድትነግረኝ ለመንኳት። እናት ያሉት ሁለት ነገር ነው። ግንቦት 12 የሚካኤል ማኅበር እኔ ቤት ነው፤ ከዚያ በፊት ቤቴን እንዳትነኩብኝ። ሁለተኛ ደግሞ ጓዳው ከሦስት ዓመት በፊት ነው የተሠራው፤ እሱን ተዉት። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ውሳኔ ፈርሷል። የሚቀየረው የሳሎኑና የመኝታ ቤቱ ብቻ ነው።

ስለ «እሺ» አንድ ነገር ልበል። የአማርኛ ግሩፕ በእሺ የተሞላ ነው። ታናሽ ለታላቁ «እሺ ጋሼ» ሲል መስማቱን ነው የሚናገረው፤ መስማማቱን ላይሆን ይችላል። እህትየው ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ይበቃል ብላ ነበር። ታላቅ ወንድም «28 ይሁን፣ ወፍራሙ» አላት። የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ዋጋውም ይጨምራል። እሷም «እሺ ጋሼ» አለች። ተስማማች? ከዚያ መልእክት ብቻ አይታወቅም። በማግሥቱ ግን የባለ 28ን ዋጋ ከሁለት መደብር ጠይቃ ግሩፑ ላይ አስቀምጣለች። ያን ጊዜ ነው ውሳኔ ብዬ የጻፍኩት። ከእሺ ቀጥሎ የተደረገውን ነገር አያለሁ። «እናያለን» እና «ችግር የለም» የሚሉትን ግን ከኋላቸው ተግባር ካልመጣ በስተቀር ውሳኔ ውስጥ አላስገባም።

የእጅ ምልክቱም እንደዚያው ነው። ምልክቱ በየትኛው መልእክት ሥር እንደተለጠፈ ማየት ያስፈልጋል። የሜሪላንዱ ወንድም ስለ አሸንዳ በቀረበው ሐሳብ የተስማማ መስሎኝ ምስሉን ሳጎላው ምልክቱ ያለው ከሱ በላይ ባለው የእናት ፎቶ ላይ ነው። አሸንዳ ይሠራ አይሠራ ማንም መልስ አልሰጠም። ስለዚህ «ያልተቋጨ» በሚለው ሥር ገባ።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ሁለቱ ስልኮች ተጣሉ። ዱባይ ያለችው እህት የጻፈችው አንድ መልእክት፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቀን፣ በወንድምየው ምስል ላይ «እኔ 50 ሺህ»፣ በእህትየው ምስል ላይ «እኔ 60 ሺህ» ይላል። የፋይሉ ስም እዚህ ላይ ነው የጠቀመው። ወንድምየው ያነሳው ቅዳሜ ነው፤ እህትየው ሰኞ። በሰኞው ምስል ላይ ከሰዓቱ አጠገብ `edited` የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ። አስተካክላዋለች ማለት ነው። ድምሩም ይህንኑ ይናገራል። አጠቃላይ ወጪው 180 ሺህ ብር ተብሏል። ሜሪላንድ 60፣ ታላቅ ወንድም 40፣ ታላቅ እህት 20። ዱባይ 60 ሲሆን ነው 180 የሚሞላው። በ50 ቢሆን 10 ሺህ ይጎድላል። ገንዘብ የተከፋፈለበት ቦታ ሁሉ መደመር አለበት። ይህ ባይታይ ኖሮ የመጨረሻው ልጅ 170 ሺህ ይጠብቅ ነበር፤ ወይም ደግሞ የጎደለውን ከማን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ቴሌግራም ላይ የተሰረዘ መልእክት ምንም ምልክት አይተውም። ስለዚህ ከስክሪንሾት ብቻ የተሰረዘውን ማወቅ አይቻልም። ሁለት ስልክ ካለ ግን ማነጻጸር ይቻላል። እነዚህ ላይ አንድ ስለ ሂሳብ ቁጥር የተጻፈ መልእክት ቅዳሜ ነበር፤ ሰኞ ጠፍቷል። የእህትየው የባንክ ቁጥር ነው። ለጥንቃቄ እንዳጠፋችው ነገረችኝ። እኔም ገጹ ላይ አላስገባሁትም። የንግድ ባንክ ሂሳብ 13 አሃዝ ነው፤ ከደበዘዘ ምስል ሲገለበጥ አንዱ ቢሳሳት ገንዘቡ ሌላ ቤት ሊገባ ይችላል። የሂሳቡ ባለቤት ራሷ ለየአንዳንዱ ሰው ለብቻ ትላክ።

አሁን ወደ ሁለቱ «15» እንምጣ። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ምስል 13 ላይ የሜሪላንዱ ወንድም «እስከ 15 አስገባለሁ» ይላል። ምስል 22 ላይ ታላቅ እህት «እንጨቱ እስከ 15 ይገዛል» ትላለች። ግሩፑ ውስጥ ማንም አልጠየቀም። ሁሉም የየራሱን 15 አየ። ሜይ 15 ማለት ግንቦት 7 ነው። ግንቦት 15 ማለት ደግሞ ሜይ 23። በመካከላቸው 8 ቀን አለ። አናጺ ቀብድ በሚጠብቅበት ጊዜ 8 ቀን ብዙ ነው።

የትኛው የትኛው እንደሆነ የለየሁት በሳምንቱ ቀን ነው። ወንድምየው ከሁለት መልእክት በኋላ «ሐሙስ እጃችሁ ይገባል» ብሏል። ሜይ 15 ሐሙስ ነው፤ ግንቦት 15 ዓርብ። ስለዚህ የእሱ 15 የፈረንጅ ነው። በዚያ ላይ «ደሞዝ እንደገባ» ይላል፤ አሜሪካ ውስጥ በወር ሁለቴ የሚከፈለው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ በ15 ነው የሚቀበለው። እህትየው ግን በዚያው ምስል ላይ «ማኅበሩ በ12 ነው፣ 13 ረቡዕ ነው» ብላለች። ግንቦት 13 በእርግጥ ረቡዕ ነበር። የእሷ 15 ግንቦት 15 ነው። ቀን በቁጥር ብቻ ሲጻፍ በአቅራቢያው የሳምንት ቀን፣ በዓል ወይም ደሞዝ የሚል ቃል ፈልጉ። ከሌለ ደግሞ አትወስኑ፤ ጠይቁ።

ቀኖቹን በአንድ መስመር ስደረድር ነው እነሱ ያላዩት ነገር የወጣው። ሥራው ግንቦት 13 ይጀመራል። እንጨቱ ግን እስከ ግንቦት 15 ይገዛል። አናጺው ረቡዕ መጥቶ አሮጌውን ቆርቆሮ ቢያነሳና ወራጁና ማገሩ ዓርብ ቢደርስ፣ ቤቱ ሁለት ሌሊት ክፍት ያድራል። ግንቦት ላይ ደግሞ ዝናብ አይታመንም። ሁለቱ ውሳኔዎች ለየብቻቸው ትክክል ናቸው፤ አንድ ላይ ሲቆሙ ነው የሚጋጩት። በቻት ውስጥ በመካከላቸው ሌላ መልእክት ስላለ አይታይም። ይህን እኔ አላስተካከልኩትም። የሚያጠቃልል ሰው ውሳኔ አይለውጥም። ከገጹ አናት ላይ በጥያቄ መልክ አስቀመጥኩት።

ሥራ አመዳደቡም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። «እንጨቱ ይገዛል» ማን ይግዛው? «አናጺውን አንድ ሰው ያነጋግረው» ማን? ሁለቱም ቦታ ላይ ታላቅ ወንድም «እሱ አለ አይደል» ይላል። እሱ የተባለው የመጨረሻው ልጅ ነው። ግሩፑ ውስጥ የለም፤ አልሰማም። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ አሮጌውን ቆርቆሮ እንዲሸጥ ተመድቧል። ሦስት ሥራ ተሸክሟል፣ አንዱንም ሳያውቅ። በሌለበት ለተመደበ ሰው ገጹ ላይ «ተመድቧል» አልልም፤ «ይነገረው» ብዬ ነው የምጽፈው። ሰምቶ እሺ ሲል ብቻ ነው ሥራው የእሱ የሚሆነው።

ገጹ በመጨረሻ ይህን ይመስል ነበር። ከፊሉን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ መልስ የሚፈልግ
ሥራው ግንቦት 13 ይጀመራል ተብሏል (ምስል 21)። እንጨቱ እስከ ግንቦት 15 ይገዛል ተብሏል (ምስል 22)። የቱ ይቀየር?

የተወሰነ
የሳሎኑና የመኝታ ቤቱ ጣሪያ ይቀየራል። ጓዳው አይነካም። (የእማዬ ቮይስ፣ ምስል 20)
ቆርቆሮው ባለ 28 ጌጅ ነው። (ምስል 7፣ 16)
ከግንቦት 12 ማኅበር በፊት ሥራ አይጀመርም። (የእማዬ ቮይስ)

ሥራ
ከሜሪላንድ፦ 60 ሺህ ብር፣ ሐሙስ ግንቦት 7 (ሜይ 15)። (ምስል 13)
ከዱባይ፦ 60 ሺህ ብር። ቀን አልተጠቀሰም። (ምስል 15)
ታላቅ እህት፦ ቆርቆሮና ምስማር ከአዲስ አበባ ገዝታ ትጭናለች። ቀን አልተጠቀሰም። (ምስል 18)
ታናሽ ወንድም፦ አናጺ ማናገር፣ እንጨት መግዛት፣ አሮጌውን ቆርቆሮ መሸጥ። ገና ይነገረው። (ምስል 10፣ 22፣ 24)

ያልተቋጨ
አሸንዳ ይሠራ ወይስ አይሠራ። (ምስል 19)

«ቀን አልተጠቀሰም» የሚለውን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ባዶውን ቦታ በግምት መሙላት ያጓጓል፤ በተለይ የሌሎቹ ቀን ስለሚታወቅ። ባዶ ሆኖ ሲታይ ግን ባለቤቱ ራሱ ይሞላዋል። እንደዚያም ሆነ። ገጹ ግሩፑ ላይ እንደወጣ ዱባይ ያለችው እህት «ግንቦት 10 በሉልኝ» ብላ ጻፈች።

ለመጨረሻው ልጅ ታላቅ እህቱ በስልክ አነበበችለት። አንድ መስመር ታነባለች፣ ትጠብቀዋለች፣ ይመልሳል። ሁለት ነገር አነሳ። አናጺው ቀብድ ካልተሰጠው ቀን አይዝም፤ ይህ በ27ቱ ምስሎች ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሳም። ሁለተኛ ደግሞ እንጨቱን ከማኅበሩ በፊት ግቢ ውስጥ ማራገፍ አይቻልም፤ ድንኳኑ የሚተከለው እዚያው ነው። ስለዚህ ግጭቱ የተፈታው እንጨቱን በማስቀደም አልሆነም። ሥራው ወደ ሰኞ ግንቦት 18 ተገፋ። እንጨቱ እንደተባለው እስከ ዓርብ 15 ይገባል። ቀብዱን ታላቅ ወንድም ከራሱ 40 ሺህ ላይ ቀድሞ ለመላክ ተስማማ።

አዲሱን ቀን ስጽፍ የቀድሞውን አላጠፋሁትም። «ግንቦት 13» የሚለው ላይ ሰረዝ አድርጌ ከጎኑ «ግንቦት 18፣ በታናሽ ወንድም ጥያቄ ተቀየረ» ብዬ ጻፍኩ። ገጹ ግሩፑ አናት ላይ ፒን ተደረገ። ከዚያ በኋላ የሚለወጥ ነገር ካለ እዚያው ገጽ ላይ እንዲለወጥ፣ ለደብረ ብርሃን ደግሞ በዕለቱ ተደውሎ እንዲነገር ተስማሙ። የሚደውለው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ለአፍታ ዝም አሉ። ታላቅ እህት «እኔ» አለች፤ እሱም ሥራ ከሚለው ሥር ገባ።